እሸቱ፣ አውድማውና ጎተራው፦ ሰኔ 30 መዝገብ ስንዘጋ

(ለነጋዴዎችና ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኞች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከቅጂው ጥቂት ብቻ ተስተካክሎ የቀረበ)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አረፈዳችሁ? ኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

በዚህ ወር ስብሰባ መጥራት ድፍረት ነው። ሰኔ ነው፤ ደግሞም ዛሬ ሰኞ ነው። ሰኔና ሰኞ ሲገጥሙ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ግማሻችሁ ሱቃችሁን ለልጅ ሰጥታችሁ፣ ግማሻችሁ ቆጠራ አቋርጣችሁ ነው የመጣችሁት። ስለዚህ አላስረዝምም።

የመጣሁት ለሁለት ጥያቄ ነው። ሰኔ 30 ማታ መዝገብ ሲዘጋ የዓመቱ ትርፍ የት ይገባል? ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ ለራሱ የወሰደውስ የት ይገባል? መጀመሪያ በአንዲት ሱቅ መዝገብ ላይ አሳያችኋለሁ። ከዚያ ሰው የሚሳሳትበትን፣ ራሴ የተሳሳትኩትንም ጭምር፣ እነግራችኋለሁ። መጨረሻ ላይ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ላላችሁ ጥቂት እላለሁ።

አባቴ ገበሬ ነበር። ሒሳብ መዝጋትን ኮሌጅ ገብቼ ስማር አዲስ አልሆነብኝም፤ አባቴ በየዓመቱ ሲያደርገው አይቼዋለሁ። እህሉ ከማሳው ሁሉ ተሰብስቦ አውድማ ላይ ይወጣል። ተወቅቶ፣ ገለባው ተለይቶ፣ ምርቱ ተሰፍሮ ጎተራ ይገባል። አውድማው ባዶ ይቀራል። የዘንድሮው አውድማ ላይ የአምናው እህል ተርፎ አያውቅም። ጎተራው ግን ባዶ አይሆንም፤ ከአምና የተረፈው ላይ የዘንድሮው ይጨመራል።

መዝገባችሁም እንዲሁ ነው። ሽያጭ፣ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ፣ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ እነዚህ የአንድ ዓመት ሒሳቦች ናቸው። ሰኔ 30 ላይ ተጠራርገው አውድማው ላይ ይወጣሉ። አውድማው የትርፍና ኪሳራ ማጠቃለያ የምንለው ሒሳብ ነው። ከዚያ ትርፉ ተሰፍሮ ጎተራው ውስጥ ይገባል። ጎተራው ካፒታል ነው። ጥሬ ገንዘብ፣ ዕቃ፣ ዱቤ፣ ዕዳ ግን አይዘጉም፤ ቀሪያቸውን ይዘው ወደ ሐምሌ 1 ይሻገራሉ። ይህ ብልሃት አዲስ አይደለም። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገቢና ወጪው ‹ትርፍና ጉዳት› በሚባል ሒሳብ ተጠቃሎ ወደ ካፒታል እንደሚዘጋ ጽፎታል። ዛሬም የምንሠራው ያንኑ ነው።

አሁን ወደ ሱቋ። የግንባታ ዕቃ የምትሸጥ አንዲት እህት አለች፤ ንግዱ በግሏ ስም ነው። ሐምሌ 1 ዓመቱን ስትጀምር ካፒታሏ 850,000 ብር ነበር። በዓመቱ 1,800,000 ብር ሸጠች። የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 1,200,000 ነው። ኪራይ 120,000፣ የሁለት ሠራተኛ ደመወዝ 96,000፣ የእርጅና ቅናሽ 24,000፣ መብራት፣ ስልክና ትራንስፖርት አንድ ላይ 60,000። ወጪው ሲደመር 1,500,000 ይሆናል። የግብሩን ነገር ዛሬ እንተወው፤ እሱ የራሱ ቀን ይፈልጋል።

በዚያው ዓመት ከንግዱ ለራሷ ወስዳለች። ለቤት አስቤዛ በየወሩ 10,000፣ በዓመት 120,000። ለልጆች ትምህርት ቤት 90,000። አጥር ስታሳጥር ደግሞ ከሱቋ የግዢ ዋጋው 10,000 የሆነ ሲሚንቶ ወስዳለች። ድምሩ 220,000።

እንግዲህ ሰኔ 30 ማታ ነው። አራት ምዝገባ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

መጀመሪያ ሽያጩ ይዘጋል። የሽያጭ ሒሳብ ቀሪው በክሬዲት በኩል ስለሆነ ዜሮ እንዲሆን ዴቢት ይደረጋል፤ ሽያጭ ዴቢት 1,800,000፣ ማጠቃለያ ክሬዲት 1,800,000። ሁለተኛ ወጪዎቹ ይዘጋሉ፤ ማጠቃለያ ዴቢት 1,500,000፣ እያንዳንዱ ወጪ በየመጠኑ ክሬዲት። አሁን ማጠቃለያው ላይ ምን ቀረ? ክሬዲት 300,000። ይህ ቁጥር ከትርፍና ኪሳራ መግለጫችሁ የመጨረሻ መስመር ጋር አንድ ካልሆነ እዚያው ቁሙ፤ ወደ ሦስተኛው አትለፉ። አንድ ከሆነ ማጠቃለያ ዴቢት 300,000፣ ካፒታል ክሬዲት 300,000። ምርቱ ጎተራ ገባ፣ አውድማው ባዶ ሆነ። ኪሳራ ቢሆን ኖሮ ተገላቢጦሽ ነው፤ ካፒታል ዴቢት ይሆናል።

አራተኛው ላይ ቆም ልበል። የወሰደችው 220,000 ዓመቱን ሙሉ ድሮዊንግ በሚባል ሒሳብ ውስጥ ተመዝግቦ ቆይቷል። አሁን ካፒታል ዴቢት 220,000፣ ድሮዊንግ ክሬዲት 220,000። በቃ። ማጠቃለያው ውስጥ አልገባም። አውድማውን አልረገጠም። በቀጥታ ከጎተራው ነው የተቀነሰው።

ካፒታሏ ስንት ሆነ? 850,000 ላይ 300,000 ሲጨመር፣ 220,000 ሲቀነስ፣ 930,000።

ሁልጊዜ ይህን ሳስተምር አንድ ተማሪ ይጠይቀኛል፤ ‹ድሮዊንግ ሲዘጋ ካዝናው ለምን አይቀነስም?› ይላል። ገንዘቡ የት አለና! መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ከፍላዋለች። ያኔ ድሮዊንግ ዴቢት፣ ባንክ ክሬዲት ተደርጎ ወጥቷል። ሰኔ 30 ማታ አንዲት ሳንቲም ከየትም ወደ የትም አትንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ስም ነው፤ ‹በዚህ ዓመት የወሰደችው› ይባል የነበረው ‹ከካፒታሏ የጎደለው› ይባላል። ትርፉም እንደዚያው ነው። 300,000 ብር ካፒታል ውስጥ ገባ ማለት ካዝና ውስጥ 300,000 ብር አለ ማለት አይደለም። መደርደሪያ ላይ ብረት ሆኖ፣ ሰው እጅ ዱቤ ሆኖ ተቀምጧል። ‹አተረፍሽ ካልከኝ የታለ ብሩ?› ብላ የተቆጣችብኝ ደንበኛ ነበረችኝ፤ እውነቷን ነው፣ የማስረዳት ዕዳው የእኔ ነበር።

ከዘጋችሁ በኋላ ሌላ ትራያል ባላንስ አውጡ። የእህታችን ይህን ይመስላል። በዴቢት በኩል ጥሬ ገንዘብና ባንክ 130,000፣ ዕቃ 620,000፣ ዱቤ 140,000፣ የሱቅ መሣሪያ 240,000፤ ድምር 1,130,000። በክሬዲት በኩል የተጠራቀመ እርጅና 72,000፣ ለአቅራቢ ያለባት ዕዳ 128,000፣ ካፒታል 930,000፤ ድምር 1,130,000። ሽያጭ አለ? የለም። ኪራይ አለ? የለም። ድሮዊንግስ? የለም። እዚያ ዝርዝር ላይ አንድ የወጪ ስም ካያችሁ አልዘጋችሁም።

የተጠራቀመ እርጅና ግን አለ፣ አይደል? ይኸ ብዙ ጀማሪ ይጥላል። የዓመቱ እርጅና 24,000 ወጪ ስለሆነ ይዘጋል። የተጠራቀመው 72,000 ግን የመሣሪያው ጥላ ነው፤ መሣሪያው እስካለ አብሮት ይኖራል። አንድ ልጅ ሁለቱንም ዘግቶ በማግስቱ መሣሪያው አዲስ ሆኖ አገኘነው። (ሳቅ)

አሁን ወደ ስሕተቱ። ዋናው የመጣሁበት ይኸ ነው፤ አደራ፣ እዚህ ላይ ስልካችሁን አስቀምጡልኝ።

የእህታችን የሒሳብ ሠራተኛ 220,000ውን ‹ልዩ ልዩ ወጪ› ብሎ መዝግቦት ቢሆንስ? ሠራተኛው ላይም አልፈርድም፤ እኛው ‹የግል ወጪ› እያልን ነው ያሳሳትነው። ወጪ ከተባለ ልጁ ወጪ ውስጥ ቢከተው ምን ይደንቃል? እኔ ‹ባለቤት የወሰደው› ነው የምለው፤ ረዘም ይላል እንጂ አያሳስትም። እና፣ ወጪ ተብሎ ቢመዘገብ ትርፉ ስንት ይሆናል? 300,000 መሆኑ ቀርቶ 80,000። ካፒታሏስ? እስኪ ደምሩት። 850,000 እና 80,000... 930,000!

ሰማችሁ? ያው 930,000። የመጨረሻው ካፒታል አልተለወጠም። ትራያል ባላንሱ ይመዝናል። የሀብትና ዕዳ መግለጫው አንድም ቁጥር አይዛነፍም። ስሕተቱ መዝጊያው ውስጥ ገብቶ ይሟሟል፤ ሐምሌ 1 ላይ ሆኖ ካፒታሉን ብቻ የሚያይ ሰው ምንም አያገኝም። ለዚህ ነው ‹ባላንስ አድርጓል› ሲሉኝ ደስ የማይለኝ። ባላንስ ማድረጉ ይኸን አይነግርህም።

እንዴት ይታወቃል ታዲያ? የካፒታሉን ሌጀር ገጽ ክፈቱ። በአንድ ሰው ንግድ መዝገብ ላይ፣ የዓመቱ መጨረሻ ሁለት መስመር ሊኖር ይገባል፤ ትርፍ ሲገባና የተወሰደው ሲወጣ። አንዱ መስመር ብቻ ካለ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ‹ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ ከየት በሉ?› በሉት። ሌላ ገቢ የሌለው ነጋዴ ከንግዱ ሳይወስድ አይኖርም። ሳይመዘገብ ቀርቷል ወይም ወጪ ውስጥ ተደብቋል።

ጉዳቱ ደግሞ በሁለት በኩል ነው። ግብር ሰብሳቢው መዝገቡን ሲመረምር የትምህርት ቤት ደረሰኝ ወጪ ውስጥ ካገኘ ወደ ትርፉ መልሶ ይደምረዋል፤ ልዩነቱን ከነቅጣቱና ወለዱ ያስከፍላል። በሌላ በኩል ነጋዴው ራሱ ይጎዳል። አንድ ደንበኛዬ ብድር ጠይቆ ተከለከለ። ‹በዚህ ትርፍ ወለዱን እንኳ አትከፍልም› ተባለ። መዝገቡን ስናየው የቤት ኪራዩ፣ የልጁ ሠርግ፣ የመኪናው ጎማ ሁሉ የሱቁ ወጪ ሆኗል። ንግዱ ያተርፍ ነበር፤ ወረቀቱ ነው የከሰረው።

አሁን ሲሚንቶው። 10,000 ብር ናት፤ ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት። ገንዘብ ሲወጣ ቢያንስ ባንክ ይመሰክራል። ሲሚንቶ ጋሪ ላይ ተጭኖ ሲሄድ ማን ይመሰክራል? እህታችን ባታስመዘግበው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሰኔ 30 ቆጠራ ላይ ዕቃው በ10,000 ይጎድላል። የጎደለው ሁሉ ተሸጠ ተብሎ ስለሚቆጠር የተሸጠ ዕቃ ዋጋ 1,210,000 ይሆናል፣ ትርፉም 290,000። እዚህም ካፒታሉ ያው ነው፤ ተደምሮ ተቀንሶ እዚያው ይመጣል።

አባቴ ጋ ይኸ እሸት ይባላል። ነሐሴና መስከረም ላይ እኛ ልጆች ማሳ ገብተን የበቆሎ እሸት እየሰበርን እንጠብሳለን። ያ እሸት አውድማ ሳይደርስ አልቋል። አባቴ ምርቱን ሰፍሮ ‹ዘንድሮ እኮ ቀነሰ› ሲል እናቴ ‹ልጆችህ የበሉትን ቆጠርኸው?› ትለው ነበር። እናቴ የተሻለች ሒሳብ አዋቂ ነበረች። ከጎተራ ወጥቶ የሚበላው ይታወቃል፤ ምርቱን አይቀንሰውም፣ ጎተራውን ነው የሚቀንሰው። እሸቱ ግን ሳይቆጠር ስለሚበላ ምርቱ ራሱ ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ ከመደርደሪያ ለቤት ስትወስዱ ያንኑ ቀን፣ በተገዛበት ዋጋ፣ ድሮዊንግ ዴቢት፣ ዕቃ ክሬዲት። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆናችሁ ደግሞ ለግል የሚወሰድ ዕቃ በታክሱም በኩል ጣጣ አለው፤ ከባለሙያችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ።

ብዙዎቻችሁ ፒችትሪ ነው የምትጠቀሙት። እሱ ላይ አራቱን ምዝገባ በእጃችሁ አትሠሩም፤ `Year-End Wizard` የሚለውን ስታስኬዱ ራሱ ይዘጋል። ግን ምን እንደሚዘጋ የሚያውቀው ሒሳቡን ስትከፍቱ በሰጣችሁት ዓይነት ነው። ለካፒታል ወገን ሦስት ዓይነት አለው፤ `Equity-doesn't close`፣ `Equity-gets closed` እና `Equity-Retained Earnings`። ድሮዊንግ መሆን ያለበት ሁለተኛው ነው። እኔ ለአንድ ደንበኛ ሲስተሙን ስዘረጋ ቸኩዬ የመጀመሪያውን መረጥኩ። አይዘጋም አልኩት፤ አልዘጋም! ታዛዥ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት 180,000 ነበር፤ ሐምሌ 1 ላይ ዜሮ መሆን ሲገባው 180,000ውን ይዞ ተሻገረ። ሁለተኛው ዓመት 200,000 ተጨመረበት። ሦስተኛው 220,000። መግለጫውን አትሜ ሰጠሁት፤ ሰውየው ወደ ቤት ወሰደው። የድሮዊንግ መስመር ላይ ምን ይላል? 600,000። ማታ ባለቤቱ ደወለችልኝ። ‹ጋሼ፣ ለቤት በወር ስንት እንደሚሰጠኝ እኔ አውቃለሁ። የቀረው 380,000 የት እንደገባ አንድ ነገር ይበሉኝ› አለችኝ። (ሳቅ) ትስቃላችሁ? በማግስቱ መግለጫውን ይዤ ቤታቸው ድረስ ሄጃለሁ። የካፒታሉ ጠቅላላ ድምር ልክ ነበር፤ ድሮዊንግ ከካፒታል ስር በቅናሽ ስለሚታይ ድምሩን አያዛባም። የጠፋው የዓመቱ ወሰን ነው። የዘንድሮና የአምና አንድ ላይ ተጨፍልቆ ማንም ሊያነበው አይችልም።

ያስተካከልኩት የሒሳቡን ዓይነት ቀይሬ፣ የቀደሙትን ሁለት ዓመታት 380,000 ደግሞ በጆርናል ቮቸር ካፒታል ዴቢት፣ ድሮዊንግ ክሬዲት አድርጌ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለው። ሲስተሙ ትርፉን የሚያስገባው `Equity-Retained Earnings` በተባለው አንድ ሒሳብ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከአንድ በላይ አይፈቅድም። በግል ስም ለሚነግድ ሰው ግን ትርፉ ካፒታል ነው፤ ሌላ ጎተራ የለውም። ስለዚህ ወይ ካፒታሉን ራሱን በዚያ ዓይነት ክፈቱት፣ ወይ ከተዘጋ በኋላ በአንድ ጆርናል ወደ ካፒታል አዛውሩት። ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ ባክአፕ! ከተዘጋ በኋላ የሰኔ የመብራት ሒሳብ ከመሳቢያ ብቅ ቢል ወደ ኋላ የምትመለሱት ባክአፑን መልሳችሁ በመጫን ነው። ሲስተሙ ሁለት ዓመት አንድ ላይ ክፍት አድርጎ ያሠራችኋል፤ ስለዚህ ሐምሌ መጣ ብላችሁ ለመዝጋት አትሩጡ። ሐምሌን እየሠራችሁ ሰኔን አጥሩ።

የማኅበር ባለቤቶች ቀራችሁ። ለእናንተ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዝገባዎች አንድ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ትለያያላችሁ። ትርፉ ካፒታል ውስጥ አይገባም። ካፒታላችሁ በመመሥረቻ ጽሑፍ ላይ የተጻፈና የተመዘገበ መጠን ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ በሰኔ 30 ቮቸር ከፍ ዝቅ አያደርገውም። ትርፉ ያልተከፋፈለ ትርፍ በሚባል ሌላ ጎተራ ይቀመጣል። አክሲዮን ማኅበር ከሆነ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ 5 በመቶው፣ መጠባበቂያው የካፒታሉን 10 በመቶ እስኪሞላ ድረስ፣ ለሕጋዊ መጠባበቂያ ተለይቶ ይወጣል።

አራተኛው ምዝገባስ? የላችሁም። ድጋሚ ልበለው፤ የላችሁም። ማኅበር ውስጥ ድሮዊንግ የሚባል ነገር የለም። ባለአክሲዮኖች ሲወስኑ የትርፍ ድርሻ ይታወጃል፤ ያልተከፋፈለ ትርፍ ዴቢት፣ የሚከፈል የትርፍ ድርሻ ክሬዲት። ሲከፈልም ግብሩ ተቀንሶ ነው። ‹እንግዲያው አንከፋፍልም፣ እዚያው ይቀመጥ› የምትሉ ደግሞ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008ን አንብቡ፤ ላልተከፋፈለና ወደ ሥራ ላልተመለሰ ትርፍም ራሱን የቻለ ግብር አስቀምጧል።

በቤተሰብ ማኅበሮች የማየው ግን ሌላ ነው። ሰውየው ትናንት በግል ስሙ ነጋዴ ነበር፣ ዛሬ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ማኅበር አቋቋመ። የማኅበር ስም ወጣ፣ ማኅተም ተቀረጸ፤ እጁ ግን ያው የለመደው ካዝና ውስጥ ነው። የወሰደው ሳይወሰን የወጣ ገንዘብ ስለሆነ የማኅበሩ ገንዘብ ነው፤ መዝገቡ ላይ ‹ከባለአክሲዮን የሚሰበሰብ› ይሆናል። ያ ደግሞ የሀብት ሒሳብ ነው፤ ሰኔ 30 አይዘጋም። እስኪመለስ ወይም በሕጋዊ ውሳኔ በትርፍ ድርሻ እስኪቻቻል በየዓመቱ እያበጠ ይሻገራል። አምስት ዓመት የተሻገረ አይቻለሁ። ባለቤቱ ‹ከራሴ ለራሴ ምን ዕዳ አለብኝ?› ይላል። ከራስህ አይደለም ወንድሜ፤ ሚስትህና ልጅህም ድርሻ አላቸው፣ ዕቃ በዱቤ የሰጠህ አቅራቢም ያንን ካዝና አምኖ ነው የሰጠህ።

ሰዓቱ አልቋል ይሉኛል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፣ ማይኩ ይመጣል። እስኪዞር ድረስ የባለሱቋን ነገር ልጨርስላችሁ። ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ሱቋ ሄጄ መዝገቧን ከፈትኩ። የድሮዊንግ ገጽ ላይ ሰኔ 30 ሁለት ቀይ መስመር ተሰምሮ ዜሮ ሆኗል። ከስሩ አዲስ ዓመት ተጀምሯል፤ የመጀመሪያዋም ምዝገባ በራሷ እጅ የተጻፈች ናት። ‹ሐምሌ 2፣ ለቤት፣ አንድ ቆርቆሮና ግማሽ ኪሎ ምስማር፣ በተገዛበት ዋጋ።›

እሺ፣ እዚያ ጥግ ያለህ ልጅ፣ ቀጥል።